«የራሳችን ሰው አለን» ላለ ደንበኛ አምስት ከብት ይበቃል

ከሞያሌ ከብት ጭኖ ናይሮቢ የገባ ነጋዴ ሁሉ ይህን መልስ ሰምቶታል። ዳጎሬቲ ቄራ ሄዶ የሥጋ አከፋፋዩን ሰላም ይላል፣ የመጣበትን ይናገራል፤ ዋጋውን ሳይጨርስ «ቱኮ ና ምቱ ዌቱ» ይባላል። የራሳችን ሰው አለን ማለት ነው። ኪያማይኮ ፍየል ይዞ የሚሄደውም የሚሰማው ይህንኑ ነው።

ከዚህ በኋላ አብዛኛው ነጋዴ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንዱ አመስግኖ ይሄድና ከብቱን ደላላ በሰጠው ዋጋ ይጥላል። ሌላው ስለዚያ «ሰው» ማውራት ይጀምራል፤ ከብቱ ከሲታ ነው፣ ውኃ አጠጥቶ ነው የሚመዝነው፣ ባለፈው ወር ለእገሌ የታመመ ሰጥቶታል እያለ። በእኔ እምነት ሁለቱም ያከስራሉ፤ ሁለተኛው ደግሞ ከዚያች ቀን አልፎ የሚቀጥለውንም ዓመት ያከስራል። መጠየቅ ያለበት ነባሩን የማይነካ፣ መጠኑና ማብቂያው አስቀድሞ የታወቀ ትንሽ ሙከራ ነው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሙከራው በወጉ ካልተዘጋጀ ከሐሜቱ ባልተናነሰ ይጎዳል። ስለዚህ ከከብት ንግዱ ሳልወጣ አንድ በአንድ ልሂድበት።

ነባሩ አቅራቢ የሚሰጠው ከብት ብቻ አይደለም

ዳጎሬቲ ላይ ሥጋ የሚያከፋፍል ሰው ከአቅራቢው መጀመሪያ የሚያገኘው ጊዜ ነው። ከብቱ ይታረዳል፣ ሥጋው ማለዳ በየልኳንዳ ቤቱ ይበተናል፤ ልኳንዳ ቤቶቹ ግን የሚከፍሉት ሸጠው ነው። አከፋፋዩ ለአቅራቢው የሚከፍለው ደግሞ ከእነሱ ሲሰበስብ ነው። በመካከል ባሉት ቀናት ሥራውን የሚያንቀሳቅሰው የአቅራቢው ገንዘብ ነው ማለት ነው። አዲስ መጪ «ዋጋዬ በኪሎ አሥር ሺሊንግ ይቀንሳል፣ ግን በእጅ በእጅ ነው» ሲል ትልቅ ቅናሽ ያቀረበ ይመስለዋል። አከፋፋዩ የሚሰማው ግን «የሥራ ማስኬጃህን ከሌላ ፈልግ» የሚለውን ነው።

ሁለተኛው ነገር ክፉ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በቦረናና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል። ከብቱ አለቀ፣ የተረፈውም አጥንቱ ቀረ። በዚያን ጊዜ አምስትም ይሁን ስድስት ከብት ፈልጎ ይዞ የመጣ፣ ወይም ቢያንስ ስልኩን አንስቶ «ዛሬ የለም፣ ሐሙስ እሞክራለሁ» ያለ ሰው አይረሳም። ዛሬ ሣሩ ለምልሞ፣ ከብቱ ሞልቶ ሳለ ለመጣ አዲስ ሰው ያ ውለታ አይታየውም።

ሦስተኛው ዝምድና ነው። ነባሩ አቅራቢ አማች ሊሆን ይችላል፣ የአንድ አካባቢ ልጅ ሊሆን ይችላል፣ ወይም አከፋፋዩ ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያውን ጭነት በእምነት የሰጠው ሰው ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ከጀርባ እያለ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ቢባል አይገርምም። እዚህ ላይ መታየት ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ከሦስቱ አንዱም ስለ ከብቱ ጥራት አይደለም። ስለዚህ የነባሩን ከብት ማጣጣል ጥያቄውን ጨርሶ አይመልስም።

ለምን አይታማም

አንዳንዱ «የምናገረው እውነት ከሆነስ?» ይላል። እውነትም ቢሆን ያው ነው። ለአንድ ነጋዴ «አቅራቢህ ያታልልሃል» ማለት «አንተ የምትታለል ሰው ነህ» ማለት ነው። ከብቱን የተቀበለው እሱ፣ ሚዛኑን ያየው እሱ፣ የከፈለውም እሱ ነው። ስለዚህ ነባሩን መከላከል ራሱን መከላከል ይሆንበታል፤ እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት በአቅራቢው ቅር ተሰኝቶ የነበረ እንኳ እናንተ ፊት ጠበቃ ይሆንለታል።

ከዚያም በላይ ይህ መንገድ ጠባብ ነው። ከሞያሌ ናይሮቢ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ የሚጭነው፣ የሚያራግፈው፣ የሚያድረው የሚተዋወቅ ሰው ነው። ጠዋት ዳጎሬቲ የተባለው ቃል ከቀትር በፊት ኢሲዮሎ ይደርሳል። አንድ ቀን መኪናችሁ ላይሳሚስ ላይ ሲበላሽ ከብታችሁን በመኪናው ቦታ ሰጥቶ የሚያደርስላችሁ ያ ያማችሁት ሰው ሊሆን ይችላል። ደላላውም ከነባሩ ኮሚሽን የሚበላ ነውና ቃላችሁን ጨምሮ እንጂ ቀንሶ አያደርስም።

ሌላም ነገር አለ። የሰው ሚዛን የነቀፈ ሰው የራሱን ሚዛን አስፈትሿል። አከፋፋዩ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናንተን ከብት የሚያየው ጉድለት ፍለጋ ነው። ከአምስት ከብት በአንዱ ጉበት ላይ ትል ቢገኝ፣ ይህም በየትኛውም ቄራ የሚያጋጥም ነገር ቢሆንም፣ «ሰውን የሚያማው ይኸው ራሱ» ይባላል።

ስለ ነባሩ አንድም ክፉ ቃል ሳይናገሩ ሁለተኛ አቅራቢ ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት ግን ይቻላል። ምክንያቱ መንገዱ ነው፣ ሰውየው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻና በ2007 መጀመሪያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በኬንያ ሲነሳ በጋሪሳና በሌሎች ቦታዎች የከብት ዝውውርና እርድ ታግዶ ነበር። በዚያን ጊዜ ከጋሪሳ መስመር ብቻ ከብት ያገኝ የነበረ ሰው የአቅራቢው ታማኝነት ምንም አልረዳውም፤ መንገዱ ተዘግቷልና። ነባሩ ከጋሪሳ ወይም ከካጂያዶ የሚያመጣ ከሆነና እናንተ ከሞያሌ የምትመጡ ከሆነ «አንዱ መስመር በኳራንቲን ሲዘጋ ሌላው እንዲኖርዎት» ማለት እውነትም ነው፣ ማንንም አይነካም። ነባሩም ከሞያሌ የሚጭን ከሆነ ግን ይህን ምክንያት አታንሱት፤ ኬላው ሲዘጋ ለሁለታችሁም ነው የሚዘጋው።

ጥያቄው እንዴት ይቀርባል

አከፋፋዩ «ሰው አለን» ሲል መጀመሪያ መልሱን መቀበል ነው። «ጥሩ ነው ምዜ፣ ሰው የሌለው ነጋዴ ጋ እኔም አልሄድም» ማለት ይበቃል። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠየቃል፤ በሳምንት ስንት ያርዳሉ? በቀን አሥር፣ በሳምንት ስድስት ቀን ያርዳል እንበል። ይህ በሳምንት 60፣ በሁለት ሳምንት 120 ከብት ነው። አሁን ጥያቄው እንዲህ ሊቀርብ ይችላል፦

«ከሰውዎ ላይ ምንም አይቀንሱ። በየሁለት ሳምንቱ አምስት ከብት ላምጣልዎት፣ ሦስት ጊዜ ብቻ። አርደው፣ መዝነው ይዩት። ከሦስተኛው በኋላ እኔ አልጠይቅም፣ ከወደዱት እርስዎ ይደውላሉ።»

በዚህ አነጋገር ውስጥ አራት ነገር አለ። ነባሩ እንደማይነካ ተነግሯል። መጠኑ ታውቋል፤ አምስት ከ120 ከሃያ አራቱ አንድ እጅ ነውና ነባሩ አይሰማውም፣ አከፋፋዩም ለማንም ማስረዳት አይጠበቅበትም። ማብቂያው ታውቋል። የመጨረሻው ቃልም ለደንበኛው ቀርቷል። «ሰው አለን» የሚል ሰው የሚፈራው እሺ ካለ በኋላ መላቀቅ አለመቻሉን ነው። መውጫውን አስቀድሞ ያሳየው ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ለምን አምስት፣ ለምን ሦስት ጊዜ

አንድ ከብት ምንም አይናገርም። ቆንጆ ሰንጋ ከሆነ ዕድል ነው፣ መጥፎም ከወጣ ዕድል ነው። ሙሉ መኪና፣ ወደ ሃያ የሚሆን ከብት ደግሞ ሙከራ አይደለም፤ አከፋፋዩ የነባሩን ተራ ሰርዞ ቦታ መስጠት አለበት፣ እናንተም ያን ያህል ገንዘብ በማታውቁት ሰው እጅ ታስቀምጣላችሁ። አምስት ሲሆን ግን የቀሩትን አሥራ አምስት እንደ ወትሮው ለምትሸጡበት ሰው ትጭናላችሁ፣ አምስቱ በዚያው መኪና ይመጣሉ። ለሙከራ ብሎ የተለየ የመኪና ኪራይ አይወጣም።

ሦስት ጊዜ መሆኑ ደግሞ ከብዛቱ ይበልጣል። አሥራ አምስት ከብት በአንድ ቀን ቢመጣ አከፋፋዩ የሚያየው ከብቱን ብቻ ነው። በየሁለት ሳምንቱ አምስት አምስት ሲመጣ ግን ሰውየውን ያያል፤ ባለው ቀን ደረሰ ወይስ አልደረሰም፣ ሲዘገይ ደወለ ወይስ ስልኩን ዘጋ። አዲስ አቅራቢ የሚጠረጠረው በአብዛኛው በዚህ ነው።

ትልቁ ፈተና ያለው ምርጫው ላይ ነው። ለሙከራ ሲሆን ሁሉም ሰው ከገበያው ምርጡን ይመርጣል። ዱብሉቅ ወይም ኤልወያ ገበያ ላይ አምስት የተለዩ ሰንጋዎች ማግኘት አይከብድም፤ በየሳምንቱ ግን አይገኙም። አከፋፋዩም ይህን ያውቃል፣ ከብት ሲያይ የኖረ ሰው ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ያየውን በሦስተኛው ወር ካላገኘ የሚያስታውሰው መጀመሪያ ያየውን ነው። ስለዚህ አምስቱ ከሃያው መካከል መሆን አለባቸው፤ ከሁሉ የተሻሉትም ከሁሉ የከሱትም ሳይሆኑ ዓመቱን ሙሉ ልታመጡት የምትችሉት ዓይነት። አከፋፋዩ ራሱ ከመኪናው ላይ አምስቱን ቢመርጥ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ «አስመርጠህ ነው» የሚል ነገር አይነሳም።

ወረቀቱም እንደ ከብቱ ነው። አምስት ብቻ ናቸው ተብሎ የጤና ምስክር ወረቀትና የኬንያው የእንስሳት ዝውውር ፈቃድ አይታለፍም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ሞያሌ ላይ የአንድ ማቆሚያ የድንበር ጣቢያ ከተከፈተ ወዲህ የሁለቱ አገር መሥሪያ ቤቶች በአንድ ቦታ ናቸው። መንገድ ላይ የተያዘ ከብት ሙከራውን በመጀመሪያው ቀን ይገድለዋል፣ አከፋፋዩንም ከሐኪሞች ጋር ያጣላዋል።

የሚጣሉበት ሚዛን

ሙከራ ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች ዋናው የትኛው ክብደት እንደሚቆጠር አስቀድሞ አለመነጋገር ነው። አንድ የቦረና በሬ ሞያሌ ላይ ጠግቦ ሲመዘን 300 ኪሎ ነው እንበል። ረጅም መንገድ ያለ ውኃና ያለ መኖ የተጓዘ ከብት ከክብደቱ ከመቶ ከ5 እስከ 10 ያህል ይጥላል። በ8 እንያዘው፤ ናይሮቢ ሲደርስ 276 ኪሎ ይሆናል። ታርዶ ሥጋው ሲመዘን 141 ኪሎ ወጣ እንበል። ነጋዴው በናይሮቢው የቁም ክብደት አስልቶ «ከመቶ 51 ወጣው» ይላል። ሌላው በሞያሌው አስልቶ «47 ብቻ ነው» ይላል። በሬው ግን አንድ ነው፣ ሁለቱም አልዋሹም።

ስለዚህ ለሙከራው በቁም ክብደት አትነጋገሩ። ታርዶ፣ ተገፍፎ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ የሥጋ መርማሪው ማኅተም ካደረገበት በኋላ ያለው ሙቅ ሥጋ ይመዘን፤ ዋጋውም በዚያ ኪሎ ይሁን። የመንገዱ ክሳት የእናንተ ይሆናል፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን አብዛኛው የሚጠፋው የሆድ ዕቃና ውኃ ስለሆነ በሥጋው ላይ የሚታየው ጉዳት ከሚፈራው ያነሰ ነው። ለአከፋፋዩ ደግሞ ጥርጣሬው በሙሉ ይቀርለታል፤ ውኃ አጠጥቶ የመመዘን ነገር ትርጉም ያጣል። የማንንም ስም ሳታነሱ ያንን ሐሜት አላስፈላጊ ታደርጉታላችሁ።

ለስሌት ያህል ሙቅ ሥጋ በኪሎ 500 ሺሊንግ ብንይዝ የአንዱ በሬ 141 ኪሎ 70,500 ሺሊንግ ነው፤ አምስቱ 352,500 ሺሊንግ ይሆናሉ። አሁን መንገድ ላይ በዱላና በመተፋፈግ የበለዘ ሥጋ በየአንዳንዱ ሦስት ሦስት ኪሎ ተቆርጦ ቢጣል በበሬ 1,500፣ በአምስቱ 7,500 ሺሊንግ ይሄዳል። መጠኑ ትልቅ አይደለም፣ ግን የሚታየው በመንጠቆ ላይ በአከፋፋዩ ዓይን ፊት ነው። ስለዚህ ለሙከራ ጭነት የሚበጀው ጥሩ አጃቢ ነው፤ የወደቀውን ከብት ቶሎ የሚያነሳ፣ ዱላ የማያበዛ። ቀንዳሙን ከጎዳው ለይቶ መጫንም እንዲሁ።

ሌላው እረፍት ነው። ከመኪና እንደወረደ የሚታረድ የደከመ ከብት ሥጋው ይጠቁራል፣ ይደርቃል። በጡንቻው ውስጥ ያለው ስኳር በመንገዱ ድካምና ፍርሃት ስላለቀ ከእርድ በኋላ ሥጋው እንደሚገባው አይለወጥም። ልኳንዳ ቤት ያለ ደንበኛ ምክንያቱን ባያውቅም ጥቁሩን ሥጋ «ያረጀ ከብት ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ ከብቱ የሚደርስበትን ቀን ስትነጋገሩ የእርዱን ቀን ከዚያ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን አርቁት፤ ውኃና ጥቂት ድርቆሽ አግኝቶ ይረፍ። ደላላ «ዛሬውኑ ይታረድ» ብሎ ከገፋ ለሦስት ጊዜ ሙከራ የተለፋበት በአንድ ሌሊት ይበላሻል።

ከእርዱ በኋላ አምስት ቁጥር በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ የየበሬው የሥጋ ኪሎ። ከጎኑ መርማሪው የጣለው ምን እንደሆነ፣ ሳንባ ይሁን ጉበት፣ የበለዘው ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ ክፍያው በስንት ቀን እንደመጣ። ወረቀቱ ለሁለታችሁም ይሁን። የነባሩን ቁጥር አትጠይቁ። አከፋፋዩ በዚያው ሌሊት የእሱንም አርዷል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያይበት ዓይን አለው። ንጽጽሩን እሱ ብቻውን ሲያደርገው የራሱ ውሳኔ ይሆናል።

ዋጋና ዱቤ

ሙከራ ስለሆነ ዋጋ ዝቅ ይደረግ የሚለውን ምክር አልቀበለውም። ለሙከራ የተሰጠ ቅናሽ የዘላለም ዋጋ ይሆናል። በዚያ ላይ አከፋፋዩ ያንን ዋጋ ይዞ ነባሩን «ይኸው ሌላው በዚህ ያመጣል» ይለዋል፤ ነባሩ ይቀንስለታል፣ እናንተም ትቀራላችሁ። በቀኑ ገበያ ዋጋ ስጡ። ልዩነታችሁ ከዋጋው ሳይሆን ከአሠራሩ ይታይ።

ዱቤውን ግን መሸሽ አይቻልም። ነባሩ የሚሰጠውን ያህል ቀን እናንተም ስጡ፣ ግን በአምስት ከብት ልክ። ደንቡ አንድ ነው፤ የመጀመሪያው አምስት ሳይከፈል ሁለተኛው አምስት አይወርድም። ይህን ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ ተናገሩ፣ «ገንዘቤ ትንሽ ስለሆነች ነው» በሉ፤ ማንም አይቀየምም። እንዲህ ከሆነ በማንኛውም ጊዜ ውጭ ያለው ገንዘባችሁ ከአንድ ዙር፣ በስሌታችን ከ352,500 ሺሊንግ አይበልጥም። ይህ ቢጠፋ ሥራችሁን የሚያቆም ከሆነ ግን ወደ ሦስት ከብት ውረዱ። የሙከራ መጠን የሚለካው ደንበኛው በሚፈልገው ብቻ አይደለም፤ እናንተ ቢጠፋባችሁ በምትችሉትም ጭምር ነው። ክፍያው በኤም-ፔሳ ወይም በባንክ ቢሆን ቀኑ ራሱ ይመዘገባል፤ በስንት ቀን ተከፈለ የሚለው ክርክር አይኖርም።

የመንገድ ሞትም እንዲሁ አስቀድሞ ይወሰን። ለሙከራው እስከ ቄራው በር ያለው የእናንተ ነው፤ ከበሩ በኋላ የእሱ። ይህን ዝም ብሎ ማለፍ አንድ በሬ የሞተ ቀን ሁለቱንም ያጣላል።

ሙከራው ሲጠመም እንዴት ይታወቃል

ሁሉም አከፋፋይ በቅን ልብ አይሞክርም። አንዳንዱ ሙከራውን ነባሩን ለማስፈራሪያ ብቻ ነው የሚፈልገው። ምልክቱ ግልጽ ነው። ስለ ዋጋ በየቀኑ ይደውላል፣ የእርድ ቀን ግን አይቆርጥም። ከብቱ ሲደርስ ነባሩ ባለበት ሰዓት እንዲመጣ ይፈልጋል። ወረቀቱን መያዝ አይፈልግም። እንዲህ ያለ ሰው ጋ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በሰላም መውጣት ነው።

ሌላው ሙከራውን ሳይጨርስ ሊያሰፋው ይፈልጋል፤ «አምስቱ ጥሩ ነው፣ በሚቀጥለው ሃያ አምጣ» ይላል። ይህ ደስ የሚል ጥሪ ነው፣ ግን የመጀመሪያው ክፍያ ገና አልመጣ ይሆናል። ከአምስት ወደ ሃያ መዝለል ብዙ ነጋዴ የወደቀበት ጉድጓድ ነው። ሦስቱ ዙር ይለቅ፣ ከዚያ ወደ አሥር ይታደግ።

ሙከራው የማይናገረውንም ማወቅ ያስፈልጋል። በገና፣ ሣር በሞላበት ወራት የተደረገ ሦስት ዙር ስለ ድርቅ ወራት ምንም አይመሰክርም። ከላይ እንዳልኩት የነባሩ ትልቁ ውለታ ደግሞ እዚያ ነው ያለው። ስለዚህ ሦስተኛው ዙር ካለቀ በኋላ ለአከፋፋዩ ትልቅ ተስፋ አትስጡ። «በደረቁ ወራት አምስቱን ለመጠበቅ እሞክራለሁ፣ ካልቻልኩ ከሳምንት በፊት እነግርዎታለሁ» ማለት ይበቃል። የሳምንት ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ሁለተኛ አቅራቢ በቃሉ የማይገኝ የመጀመሪያ አቅራቢን ይበልጣል።

ይህን የሚያነቡ ነባር አቅራቢዎችም እንዳሉ አውቃለሁ፤ «ለተቀናቃኛችን መንገድ አሳየህ» ይሉ ይሆናል። ለእናንተም የሚሻለው ይህ ነው። የሚያማችሁ ተፎካካሪ ስማችሁን ያጠፋል፣ መልስ የምትሰጡበትም መድረክ የለም። አምስት ከብት ይዞ የሚመጣ ተፎካካሪ ግን ስለ ከብቱ ብቻ ነው የሚናገረው፣ እናንተም በከብታችሁ ትመልሳላችሁ። ደንበኛችሁ በልቡ ካረካችሁት ሦስት ዙር አይነቀንቃችሁም።

ሦስተኛው ዙር ሲያልቅ ቃላችሁን ጠብቁ። አትደውሉ፣ ደላላ አትላኩ። ከሃያው አሥራ አምስቱን እንደ ወትሮው ሸጡ፣ አምስቱንም እንደ ወትሮው። አከፋፋዩ ካልደወለ ያጣችሁት ነገር የለም፤ አሥራ አምስት ከብት በቀኑ ዋጋ ሸጣችኋል፣ ማንም አልተቀየመባችሁም፣ ወረቀታችሁም በእጁ አለ። የነባሩ መስመር አንድ ቀን በኳራንቲን ሲዘጋ፣ ወይም መኪናው ማርሳቢት ላይ ሲቆም፣ የሌሊት እርዱ እንዳይጎድልበት ስልኩን የሚያነሳ አከፋፋይ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን አምስት ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ነው።